«አዎ» እና «አይ» ቦታ ሲለዋወጡ

ወንድም ሜሪላንድ፣ እህት አዲስ አበባ ናቸው እንበል። ወንድም ሁለት ጥያቄ አከታትሎ ይጽፋል፦ «ብሩን ዛሬ ልላከው?» ወዲያው ደግሞ «እማዬ መድኃኒቷን ወሰደች?»። እህት ከቤት ወጥታ ታክሲ እየተሳፈረች ነበርና ባጭሩ ትመልሳለች፤ መጀመሪያ «አይ»፣ ቀጥሎ «አዎ»። ብሩ ዛሬ አይላክ፣ እማዬ ግን መድኃኒቷን ወስዳለች ማለቷ ነው። ወንድም ስልክ ላይ ግን «አዎ» ቀድማ «አይ» ተከትላ ደረሰች። ብሩን ላከ፤ ስለ እናቱም ሲጨነቅ ዋለ። ከመልእክቶቹ አንዱም አልጠፋም፣ አንድ ፊደልም አልተበላሸም። ቦታ ብቻ ተለዋወጡ።

ሁለቱ ሰዎች ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው። ስህተቱ ግን ቻት ሠርቶ የሚያውቅ ፕሮግራመር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከግንኙነቱ አከፋፈት መጀመር ይበጃል።

ድረ ገጽ ስንከፍት ብሮውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። ሰርቨሩ ሳይጠየቅ አይናገርም። ለጋዜጣ ገጽ ይህ በቂ ነው፤ ለቻት ግን አይሆንም። ወንድም የጻፈው ለእህቱ እንዲደርስ የእሷ ስልክ በየጥቂት ሴኮንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ መጠየቅ ይኖርበታል። ለዓመታት የተሠራው እንደዚያ ነበር። ዌብሶኬት የሚባለው አሠራር የመጣው ይህን ለማስቀረት ሲሆን፣ ደንቡ በታኅሣሥ ወር 2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር RFC 6455 በሚል ስያሜ ወጣ። አጀማመሩ እንደ ማንኛውም የድረ ገጽ ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ ብሮውዘሩ «መስመሩን ወደ ዌብሶኬት እንቀይረው» ብሎ መጠየቁ ነው፦

```
GET /chat HTTP/1.1
Upgrade: websocket
Connection: Upgrade
```

ይህ ዋናው ክፍል ነው፤ ሌሎች ጥቂት መስመሮችም አብረው ይሄዳሉ። ሰርቨሩ ከተስማማ በቁጥር 101 ይመልሳል። ከዚያ በኋላ መስመሩ አይዘጋም፤ ሁለቱም ወገን በፈለገው ሰዓት ይናገራል። ወጪውም ትንሽ ነው። «አዎ» የምትለው ቃል በኮምፒውተር አጻጻፍ 6 ባይት ትይዛለች፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ነው። ቃሏ ብቻዋን ከሰርቨር ወደ ስልክ ስትሄድ ዌብሶኬት የሚጨምርባት 2 ባይት ነው፤ ከስልክ ወደ ሰርቨር ስትሄድ ደግሞ 6 ባይት። በድሮው አሠራር «አዲስ ነገር አለ?» የሚለው ባዶ ጥያቄ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ባይት ይፈጅ ነበር።

ይህን ያህሉን መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፕሮግራመሩ ሁለት መስኮት ከፍቶ ከአንዱ ይጽፋል፣ በሌላው ያነባል፤ ሁሉም በተጻፈበት ቅደም ተከተል ይደርሳል። የሚደርስበትም ምክንያት አለው። ዌብሶኬት የሚጋልበው ቲሲፒ በሚባለው የኢንተርኔት ማጓጓዣ ላይ ሲሆን፣ ቲሲፒ በአንድ ግንኙነት ውስጥ የተላከውን በተላከበት ተራ ያስረክባል። ታዲያ «አይ» እና «አዎ» እንዴት ተለዋወጡ? ግንኙነቱ አንድ ስላልነበረ ነው። እህት ከቤት ስትወጣ ስልኳ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ዞረ። ሲዞር የስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ ተቀየረ፤ በአሮጌው አድራሻ የተከፈተው ግንኙነት ሞተ። «አይ» የተጻፈችው በሞተው መስመር ላይ ነው፤ «አዎ» ደግሞ በአዲሱ።

የችግሩ መጀመሪያ መስመሩ ሲሞት ማንም አለማወቁ ነው። ሰርቨር ሲጠፋ ወይም ተጠቃሚው ገጹን ሲዘጋ የስንብት ምልክት ይላካል፤ ሌላውም ወገን ወዲያው ይሰማል። ዋይፋይ ሲርቅ ወይም መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ሲሞት ግን ምንም አይላክም። ዝምታ ብቻ። ዝምታ ደግሞ ማንም የሚጽፍ ሰው ከሌለበት ቻት አይለይም። ሊኑክስ በራሱ ልማድ ዝም ያለን ግንኙነት መኖር አለመኖሩን መመርመር የሚጀምረው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ፕሮግራሙ እንዲመረምርለት ከጠየቀ። ብዙ ቻት ቢሮ ውስጥ ሲሞከር ደህና ሆኖ ገበያ ላይ ሲወጣ የሚሰናከለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ፕሮግራመሩ የሚሞክረው ሰርቨሩን አጥፍቶ በማብራት ነው፤ ያ ደግሞ ስንብት ያለው፣ ጨዋው የመቋረጥ ዓይነት ነው።

መፍትሔው በየጊዜው እየተጣሩ መጠያየቅ ነው። ዌብሶኬት ለዚህ ፒንግ እና ፖንግ የሚባሉ አጫጭር ምልክቶች አሉት። ሰርቨሩ ፒንግ ሲል ብሮውዘሩ በራሱ ፖንግ ይላል። ብሮውዘር ላይ የተጻፈ ኮድ ግን ፒንግ መላክ አይችልም፤ ስለዚህ ከስልኩ በኩል መስመሩን መፈተን የሚፈልግ ሰው ተራ መልእክት አስመስሎ የራሱን «አለህ?» መላክ አለበት። ዲስኮርድ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሰርቨሩ ገና ሲገናኙት በስንት ጊዜ ልዩነት ምልክት እንደሚጠብቅ ይነግራል፤ ለላከው ምልክት መልስ ያላገኘ ፕሮግራም መስመሩን እንደሞተ ቆጥሮ ይዘጋና ሌላ ይከፍታል። ልዩነቱ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ድርጅቶች ከሰርቨራቸው ፊት የሚያቆሙት ንጂንክስ የተባለው ፕሮግራም ካልተነገረው በቀር 60 ሴኮንድ ከሰርቨሩ በኩል ምንም ያልተላከበትን መስመር ይዘጋል። «ቻቱ በየደቂቃው ይቋረጣል» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ልዩነቱን በጣም ማሳጠርም ጥሩ አይደለም፤ የስልክ ባትሪ ይበላል።

መስመሩ መሞቱ ከታወቀ አዲስ መክፈት ያስፈልጋል። ብሮውዘሩ የተቋረጠ ዌብሶኬት በራሱ አይቀጥልም፤ ፕሮግራመሩ መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት በተቋረጠ ቁጥር ወዲያው መሞከር ነው። ሰርቨሩ ለአፍታ ወድቆ ሲነሣ የተቋረጡት አሥር ሺህ ስልኮች በአንድ ቅጽበት ቢያንኳኩ መልሰው ይጥሉታል። ስለዚህ የሚጠበቀው ጊዜ ከሙከራ ወደ ሙከራ በእጥፍ ያድጋል፤ በዚያ ላይ ስልኮቹ በአንድ ላይ እንዳይመጡ ዕጣ ይጨመርበታል፦

```js
let n = 0;
function nextDelay() {
  const cap = Math.min(30000, 1000 * 2 ** n++);
  return Math.random() * cap;
}
```

የመጀመሪያው ሙከራ እስከ 1 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው እስከ 2፣ ሦስተኛው እስከ 4 እያለ ይሄዳል፤ ጣሪያው 30 ሴኮንድ ነው። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ ያለብን መስመሩ እንደተከፈተ አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ መጽናቱን ካየን በኋላ ነው። አለዚያ ሰርቨሩ ተቀብሎ ወዲያው የሚያባርረው ስልክ ያለ እረፍት ሲያንኳኳ ያድራል።

አሁን ወደ እህት ስልክ እንመለስ። «አይ» ብላ ስትልክ መስመሩ ሞቷል፤ ብሮውዘሩ ግን ገና አላወቀም። የመላኪያው ትእዛዝ አያጉረመርምም፤ ቃሏን ተቀብሎ በመጠባበቂያ ያኖራታል፣ ከዚያም ከመስመሩ ጋር ትቀበራለች። ፕሮግራሙ ጥቂት ብልህ ቢሆን «መልስ አልመጣልኝም» ብሎ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ደግሞ ሊልካት ይይዛታል። በመሃሉ አዲሱ መስመር ተከፈተ። እህት «አዎ» ስትጽፍ ቃሏ በአዲሱ መስመር በቀጥታ ሄደች። «አይ» ጊዜዋን ጠብቃ ከኋላ ደረሰች። ቲሲፒ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ሰርቨሩም የደረሰውን በደረሰበት ተራ አስተላልፏል። የተሳሳተው እዚያው ስልኩ ውስጥ ያለው የወረፋ አያያዝ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፣ ከስልኩ የሚወጣ መልእክት ሁሉ በአንድ ወረፋ ይለፍ የሚለው ነው። አዲስ የተጻፈው ከኋላ ይሰለፋል፤ ከፊቱ ያለው «ደርሶኛል» የሚል መልስ ከሰርቨሩ ሳያገኝ አይወጣም። ሰርቨሩ ሩቅ ሲሆን ይህ ትንሽ ያዘገያል፤ ሰው በእጁ ለሚጽፈው ነገር ግን አይታወቅም። ብዙ መልእክት በአንዴ የሚልክ ፕሮግራም መልስ ሳይጠብቅ በተራ ሊያከታትል ይችላል፤ ያኔ ግን ሰርቨሩም ከአንድ መስመር የመጡትን አንድ በአንድ መጨረስ አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ከሠራቸው የቀለለው ይቀድማል።

ሁለተኛው ጣጣ ከዚህ ይብሳል። መስመሩ ሲቋረጥ «አይ» ከስልኩ ሳትወጣ ቀርታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰርቨሩ ጋ ደርሳ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ከስልኩ በኩል ሁለቱን መለየት አይቻልም። ደግሞ ካልላከ መልእክት ሊጠፋ ነው፤ ደግሞ ከላከ ወንድም «አይ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ሊያይ ነው። መውጫው እያንዳንዱ መልእክት ከመላኩ በፊት ስልኩ ውስጥ የማይደገም መለያ እንዲሰጠውና በተላከ ቁጥር ያው መለያ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ያየውን መለያ ዳግም ሲያይ አዲስ አይመዘግብም፤ «ይህ አለኝ» ብሎ የቀድሞውን መልስ ይደግማል። ቴሌግራም ላይ ይህ መለያ `random_id` ይባላል፤ ሥራውም መልእክት ሁለት ጊዜ እንዳይላክ መከላከል ነው። ቴሌግራም ስንጽፍ መጀመሪያ ትንሽ ሰዓት ቀጥሎ አንድ ምልክት የምናየውም ለዚሁ ነው፤ ሰዓቷ «ሰርቨሩ ገና አላረጋገጠም»፣ ምልክቷ «አረጋግጧል» ማለት ናት።

እህት በኩል ያለው በዚህ ይስተካከላል። ቀጥሎ ሰርቨሩ ራሱ ተራውን በምን ይያዝ የሚለው ይመጣል። አብዛኛው ጀማሪ የሚመርጠው ሰዓትን ነው፤ መልእክቱ የተጻፈበትን ሰዓት ከስልኩ ተቀብሎ በዚያ መደርደር። እኛ አገር ይህ ከየትም በላይ ያስቃል። ስልኩ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር እንዲያሳየው ብሎ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ያዛወረ ሰው ሞልቷል። ለዓይን ትክክል ነው፤ ከማታው ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ 2:00 ይላል። ለፕሮግራሙ ግን ያ ስልክ ከዓለም ሁሉ በስድስት ሰዓት የተዛነፈ ነው። አሁን የጻፈው መልእክት ከሰዓት በኋላ ከተጻፉት መሃል ገብቶ ይሰወራል፤ ባለቤቱም «መልእክቴ አልደረሰም» ይላል። ሰዓቱ የተስተካከለ ስልክም ቢሆን ከሌላው በጥቂት ሴኮንድ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ለ«አይ» እና ለ«አዎ» ጥቂት ሴኮንድ ብዙ ነው።

ተራ የሚሰጠው ባንክ ቤት እንደሚደረገው ነው፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ የየሰዉ የእጅ ሰዓት አይጠየቅም፣ በር ላይ ያለው ማሽን ቁጥር ያድላል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ውይይት የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፤ መልእክት ሲመዘገብ ቀጣዩን ቁጥር ይስጠው። ሁሉም ስልክ በዚያ ቁጥር ይደርድር። ሰዓት ከመልእክቱ ጎን ለማሳያ ብቻ ይቀመጥ፤ እሱም የሰርቨሩ ሰዓት ሆኖ ወንድም በሜሪላንድ፣ እህት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ያንብቡት።

ዳታቤዝ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ «ዳታቤዙ ራሱ ቁጥር ይሰጥ የለ?» ሊል ይችላል። ይሰጣል፤ ወጥመድም አለው። ሁለት መልእክት በአንድ ቅጽበት ሲገቡ አንዱ 46፣ ሌላው 47 ይደርሳቸዋል። ነገር ግን 47 ተመዝግቦ ሲያልቅ 46 ገና በሂደት ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት የወንድም ስልክ «ምን አዲስ አለ?» ቢል 47ን ብቻ ያገኛል፤ ቀጥሎ «ከ47 በኋላ ያለውን ስጠኝ» ይላል። 46 ለዘለዓለም አትመጣም። በቀን አንዴ ብቻ የሚከሰት፣ ሲፈለግ የማይገኝ ስህተት ማለት ይህ ነው። የሚያድነው ቁጥሩን ከውይይቱ መዝገብ ላይ ተቆልፎ መውሰድ ነው፦

```sql
BEGIN;
UPDATE chats SET last_seq = last_seq + 1
 WHERE id = $1 RETURNING last_seq;
INSERT INTO messages (chat_id, seq, client_id, body)
VALUES ($1, $2, $3, $4);
COMMIT;
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ የውይይቱን መስመር ይቆልፋል፤ 46 ተመዝግቦ እስኪያልቅ 47 የሚወስደው ይጠብቃል። `client_id` ያ ስልኩ የሰጠው መለያ ነው። በአንድ ውይይት ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ከተከለከለ፣ የተደገመ መልእክት ሲመጣ ምዝገባው ይከሽፋል፤ የቆጣሪው ጭማሪም አብሮ ይሰረዛል። በቁጥሮቹ መሃል ክፍተት አይኖርም ማለት ነው። በየሴኮንዱ ሺህ መልእክት የሚወርድበት ግዙፍ ቡድን ላይ ይህ መቆለፍ ወረፋ ይፈጥራል፤ ለቤተሰብ፣ ለሱቅና ለቢሮ ቻት ግን አይከብድም።

ክፍተት አለመኖሩ ለተቀባዩ ትልቅ ነገር ነው። የወንድም ስልክ እስከ 45 ካየ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥበት፣ ተመልሶ ሲገናኝ «እስከ 45 አይቻለሁ» ይላል፤ ሰርቨሩም የቀረውን ይሰጠዋል። መስመሩ ሳይቋረጥ 45 ላይ ቆሞ 47 ቢመጣለትም አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል፤ 47ን ይዞ 46ን ይጠይቃል። ቀድሞ ያየው ቁጥር ዳግም ቢመጣ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ቴሌግራም `pts` በሚባል ቁጥር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ክፍተት ሲታይ የጎደለው በራሱ ይመጣ እንደሆነ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ጠብቆ ካልመጣ ከሰርቨሩ መጠየቅ የሚል ምክር ለፕሮግራመሮች በጽሑፍ አስቀምጧል። ስልክ ላይ ያለው ቴሌግራም የግድ ዌብሶኬት አይጠቀምም፤ ጣጣው ግን የማንኛውም የሚቋረጥ መስመር ስለሆነ መላውም አንድ ነው።

ስልኩ ሲመለስ የሚሠራበት ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው። መጀመሪያ ያመለጠውን አውርዶ ከዚያ ለአዲሱ ቢመዘገብ፣ በሁለቱ መሃል የተላከው ይወድቃል። መጀመሪያ ለአዲሱ መመዝገብ፣ የሚመጣውን ለጊዜው ማቆየት፣ ከዚያ ያመለጠውን ማውረድ፣ በመጨረሻ ሁለቱን በቁጥር ማዋሐድ ነው የሚያዋጣው። ሁለት ጊዜ የመጣ ቢኖር ቁጥሩ ያጋልጠዋል።

ቁጥር ግን የማይፈታው ነገርም አለ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ማን እንደቀደመ የሚታወቅ እውነት የለም፤ ሰርቨሩ ጋ ማን ቀድሞ ደረሰ ብቻ ነው ያለው። እህት የጻፈችው ለጊዜው ከታች ታይቷት፣ ቁጥሩ ሲመጣ ከወንድም መልእክት በላይ ዘሎ ሊገባ ይችላል። አንዳንድ ተጠቃሚ ይህን እንደ ስህተት ያየዋል። እኔ ግን መዝለሉን እመርጣለሁ፤ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ውይይት ከሚያነቡ አንዱ መልእክት ዓይናቸው እያየ ቦታ ቢይዝ ይሻላል። የትኛው መልስ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ለመናገር ደግሞ መልእክቱን ጠቅሶ መመለስ የሚባለው አለ፤ ያን ሥራ ከቁጥር አንጠብቅ።

ለሱቃችሁ ወይም ለድርጅታችሁ ቻት የምታሠሩ ካላችሁ፣ ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሁለት ስልክ ያዙ። ከአንዱ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ላኩ፤ 4 ላይ ስትደርሱ ዋይፋዩን ትታችሁ ወደ ዳታ ዙሩ፣ 7 ላይ ራውተሩ በርቶ ሳለ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት ገመድ ንቀሉና ተመለሱበት፤ ዋይፋይ «አለ» እያለ ኢንተርኔት የማይኖርበት ያ ሁኔታ ነው አስቸጋሪው። ስልኩን ደግሞ ስድስት ሰዓት አዛውራችሁ ድገሙት። በሌላኛው ስልክ ከ1 እስከ 10 በተራ፣ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ መታየት አለበት። 7 ሁለት ጊዜ ከመጣች፣ 5 ከ6 በኋላ ከታየች፣ ወይም ገጹን እንደገና ካልከፈታችሁ 8 ካልደረሰች ሥራው አላለቀምና የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ።